የስንብት ደብዳቤ እንዴት ይመረመራል?

አንድ ሠራተኛ ከሥራው ሲሰናበት የሚሰጠው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የቤት ኪራዩም፥ የልጆቹም የትምህርት ቤት ገንዘብ፥ የወሩም ቀለብ የሚቋረጠው ግን በዚያች አንዲት ገጽ ነው። ደብዳቤው የሚነበበው በድንጋጤና በኀዘን ስለሆነ ቤተሰቡ ሁሉ «ለምን አሰናበቱት?» እያለ ይጨነቃል እንጂ «እንዴት አድርገው አሰናበቱት?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ነገር ግን በሕግ ፊት ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው የማያንስ ዋጋ አለው። ምክንያቱ እውነት የሆነ ስንብት እንኳ ሥርዓቱን ሳይጠብቅ ከተሰጠ ሕገ ወጥ ሊባል ይችላልና።

ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዓምድ የስንብት ደብዳቤ ከአርእስቱ እስከ ፊርማው ድረስ እንዴት እንደሚመረመር ለመግለጽ አስበናል። ከአንባቢዎቻችን መካከል ደብዳቤውን የሚቀበሉ እንዳሉ ሁሉ በሹመታቸው ወይም በንብረታቸው ምክንያት ደብዳቤውን የሚፈርሙም ስላሉ፥ ነገሩ ለሁለቱም ወገን የሚጠቅም ይመስለናል።

አስቀድመን ወሰኑን እንናገር። የምንጠቅሰው ሕግ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። ይህ አዋጅ በግል ድርጅትና በመንግሥት የልማት ድርጅት የተቀጠረውን ሠራተኛ ይመለከታል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው። ድርጅቱን በበላይነት የሚያስተዳድር የሥራ መሪም፥ በሰው ቤት ለቤት አገልግሎት የተቀጠረ ሠራተኛም በዚህ አዋጅ አይዳኝም። እንግዲህ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እኔን የሚገዛኝ ሕግ የትኛው ነው?» ብሎ ነው።

አሁን ነገሩን በምሳሌ እናሳይ። አንድ የመጋዘን ጠባቂ በአንድ ድርጅት ውስጥ ላልተወሰነ ጊዜ ተቀጥሮ 6 ዓመት አገልግሏል እንበል፤ የወር ደመወዙም 6,000 ብር ነው። በመጋዘኑ ውስጥ የዕቃ ጉድለት ስለ ተገኘ ሒሳብ መርማሪዎች ቆጠራ አድርገው ውጤቱን በጽሑፍ ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ጥቅምት 5 ቀን 2016 ዓ.ም. አቀረቡ። ጠባቂው ግን በሥራው ላይ ቆየ። ከዚያ በኋላ ታኅሣሥ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. የሚከተለው ደብዳቤ በእጁ ተሰጠው።

«ታኅሣሥ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.፤ ጉዳዩ፥ የሥራ ውል ስለ ማቋረጥ። በሥራዎ ላይ በተደጋጋሚ በታየብዎት ጉድለትና የሥራ ሰዓት አለማክበር ምክንያት፥ ቀደም ብሎም የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ የተሰጠዎት ስለሆነ፥ ድርጅቱ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውልዎን ከኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ያቋረጠ መሆኑን እናስታውቃለን። በእጅዎ ያለውን ንብረት እንዲያስረክቡ እናዛለን።»

ደብዳቤው ማኅተምም ፊርማም አለው፤ የአዋጁንም ቁጥር ይጠቅሳል። ለሚያነበው ሰው ሁሉ ምንም የጎደለው አይመስልም። ነገር ግን ቃል በቃል ሲመረመር አራት ነገሮች ይገኙበታል።

የመጀመሪያው የምክንያቱ ነገር ነው። አዋጁ የስንብት ደብዳቤ በጽሑፍ ሆኖ ውሉ የተቋረጠበትን ምክንያትና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን እንዲገልጽ ያዛል። ምክንያት ማለት ግን «ጉድለት» ወይም «ጥፋት» የሚል የጅምላ ቃል አይደለም። ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚበቁት ጥፋቶች በአንቀጽ 27 ተዘርዝረዋል፤ አሠሪው ከእነርሱ መካከል፥ ወይም በኅብረት ስምምነት ከተጨመሩት መካከል፥ የትኛውን እንደ ያዘ መታወቅ አለበት። በአሠሪው ንብረት ላይ ሆነ ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ጉዳት ማድረስ አንድ ነው፤ ያልተገባ ብልጽግና ለማግኘት የአሠሪውን ንብረት መጠቀም ሌላ ነው፤ የሥራ ውጤት ማነስም ሌላ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ማስረጃና የራሱ መከላከያ አለው። ጠባቂው ሌባ ተብሎ ነው ወይስ ቸልተኛ ተብሎ ነው የተሰናበተው? የጎደለው ዕቃ ምንድር ነው? መቼስ ጎደለ? ደብዳቤው አይናገርም። ስለዚህ ጠባቂው ደብዳቤውን ሲያነብ «በዚህ ቃል ብቻ ተመርቼ መልስ ልሰጥ እችላለሁን?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መልስ ሊሰጥበት የማይችል ክስ በሚገባ የተገለጸ ምክንያት አይደለም።

በዚሁ በምክንያቱ ውስጥ «የሥራ ሰዓት አለማክበር» የሚል ሁለተኛ ቃል ተጨምሯል። አሠሪዎች አንዱ ምክንያት እንዳይበቃ ሲፈሩ ሌላ ደርበው ይጽፋሉ፤ ነገር ግን የተደረበው ምክንያት የራሱ መስፈርት ስላለው ብዙ ጊዜ ደብዳቤውን ያደክመዋል እንጂ አያበረታውም። በአዋጁ መሠረት ሠራተኛ ስለ መዘግየቱ የሚሰናበተው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ሲዘገይና ስለዚሁም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሲሰጠው ነው። ስለ መቅረት እንደ ሆነ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ በጠቅላላው 5 የሥራ ቀን መቅረትና እንደዚሁ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መኖር ያስፈልጋል። እንግዲህ ቁጥሩ ቢጎድል፥ ወይም ቁጥሩ ሞልቶ ማስጠንቀቂያው በቃል ብቻ የተነገረ ቢሆን፥ ይህ ምክንያት አይቆምም። በምሳሌያችን ደብዳቤ ውስጥ የተዘገየባቸው ቀኖች አልተቈጠሩም።

እዚህ ላይ በቋንቋችን ምክንያት የሚመጣ አንድ ስሕተት አለ። «ማስጠንቀቂያ» የምንለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸከማል። አንደኛው ሠራተኛው ጥፋቱን እንዳይደግም የሚጻፍለት ተግሣጽ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ውሉ ከመቋረጡ በፊት «ከዚህን ያህል ጊዜ በኋላ ትሰናበታለህ» ተብሎ የሚሰጠው ቅድመ ማስታወቂያ ነው። የደብዳቤው ጸሐፊ «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል» ሲል ሁለቱን አንድ አድርጎ የቈጠረ ይመስላል። የተግሣጹ ደብዳቤ ግን የስንብትን ቅድመ ማስታወቂያ አይተካም። ከዚህም በላይ ያ ተግሣጽ ስለ ምን ጉዳይ እንደ ተጻፈ መታየት አለበት፤ ስለ ዕቃ አያያዝ የተጻፈ ተግሣጽ ስለ መዘግየት እንደ ተጻፈ ሊቈጠር አይችልምና። ስለዚህ የቤቱ እመቤት ባለቤቷ ባለፉት ዓመታት ያመጣቸውን ደብዳቤዎች በሣጥን ውስጥ አኑራ እንደ ሆነ፥ የዚያን ጊዜ ዋጋቸው ይታወቃል።

ሁለተኛው የቀን ቈጠራ ነው። ይህ ከአራቱ ሁሉ የሚበልጥ ነው ብለን እናምናለን፤ ብዙ ሰዎችም አያውቁትም። በአንቀጽ 27 መሠረት ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብት ለአሠሪው ለዘለዓለም የተሰጠ አይደለም። አሠሪው ለስንብት ምክንያት የሚሆነውን ነገር ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀን ካለፈ መብቱ ይቀራል። የሕጉ አሳብ ግልጽ ነው፤ ጥፋቱን እያወቀ ሠራተኛውን ሲያሠራ የቈየ አሠሪ፥ ያንኑ ጥፋት እንደ መሣሪያ አስቀምጦ ከወራት በኋላ ሊመዘው አይገባውም።

በምሳሌያችን እንቍጠር። የቆጠራው ውጤት ለሥራ አስኪያጁ የደረሰው ጥቅምት 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ነው። ድርጅቱ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚሠራ ነው እንበል። ከማግሰኞ ጥቅምት 6 ቀን ጀምረን እሑድን እየዘለልን ብንቈጥር 30ኛው የሥራ ቀን ሰኞ ኅዳር 10 ቀን ላይ ይውላል። ደብዳቤው የተጻፈው ግን ታኅሣሥ 2 ቀን ነው፤ ይህም 49ኛው የሥራ ቀን ነው። ቅዳሜን ከሥራ ቀን አውጥተን ብንቈጥር እንኳ 41ኛው ይሆናል። በየትኛውም መንገድ ጊዜው አልፏል።

አሠሪው በዚህ ላይ የሚሰጠው መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነው። «ጥፋቱን በእርግጥ ያወቅሁት ምርመራው ሲያልቅ ነው» ይላል። ጉድለቱ በጭምጭምታ በተሰማበትና በምርመራ በተረጋገጠበት ቀን መካከል ልዩነት ስላለ ይህ መልስ አንዳንድ ጊዜ ተቀባይነት ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ሠራተኛው የሚፈልገው ወረቀት የመጀመሪያውን ወሬ የሚያሳየውን አይደለም፤ የምርመራው ውጤት ለማሰናበት ሥልጣን ላለው ሹም የደረሰበትን ቀን የሚያሳየውን ነው። በመዝገብ ቤት የገቢ ማኅተም ያለበት የሒሳብ መርማሪዎች ደብዳቤ፥ ወይም ሠራተኛው ስለ ጉድለቱ መልስ እንዲሰጥ የተጠየቀበት ማስታወሻ፥ ለዚህ ዋና ማስረጃ ነው። አሠሪው ሠራተኛውን ለምርመራ ከሥራ አግዶት ቢሆንም፥ በኅብረት ስምምነት የሚፈቀደው እገዳ ከ30 የሥራ ቀን ሊበልጥ አይችልም።

ሦስተኛው ስንብቱ የሚጸናበት ቀን ነው። የምሳሌው ደብዳቤ ታኅሣሥ 2 ቀን ተጽፎ ውሉን የሚያቋርጠው ከኅዳር 20 ቀን ጀምሮ ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ ያሰናብታል ማለት ነው። ጠባቂው ግን ደብዳቤውን እስከ ተቀበለበት እስከ ታኅሣሥ 5 ቀን ድረስ በመጋዘኑ ውስጥ እየሠራ ነበር። አሠሪ የሆነ ሰው ያለፈውን ቀን ሊሽር አይችልም፤ ከኅዳር 21 እስከ ታኅሣሥ 5 ድረስ ያለው የ15 ቀን ደመወዝም ያለ ክርክር ይገባዋል። የቀኑን ደመወዝ 200 ብር አድርገን ብናስብ 3,000 ብር ነው። የፊርማ መቆጣጠሪያ መዝገቡ ለዚህ ምስክር ነው።

አራተኛው የአሰጣጡ ሥርዓት ነው። የስንብት ማስታወቂያ በአሠሪው ወይም በወኪሉ ለሠራተኛው በእጁ ሊሰጠው ይገባል። ሠራተኛው ባይገኝ ወይም አልቀበልም ቢል፥ በሥራው ቦታ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለ10 ተከታታይ ቀን ይለጠፋል። በቃል «ከነገ ጀምሮ አትምጣ» ብሎ በዘበኛ ማስከልከል በሕጉ የታወቀ ሥርዓት አይደለም። በዚሁ አንጻር ሠራተኛውም «አልፈርምም፥ አልቀበልም» በማለቱ የሚያገኘው ጥቅም የለም፤ ወረቀቱ በሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፥ እርሱ ደግሞ በእጁ ሊይዘው የሚገባውን ማስረጃ ያጣል። የሚሻለው ወረቀቱን ተቀብሎ ከፊርማው አጠገብ የተቀበለበትን ቀን በራሱ እጅ መጻፍ ነው። ነገር ግን የመቀበያ ፊርማና የስምምነት ፊርማ አንድ አይደሉም። «መብቴን ሁሉ ተቀብዬ ጨርሻለሁ፥ ክርክርም የለኝም» የሚል ወረቀት አብሮ ከቀረበለት ሳይመክርበት አይፈርም።

እስከ አሁን ጉድለቶቹን ቈጠርን። አሁን ደግሞ ጉድለት ሁሉ እኩል አለመሆኑን መናገር ይገባናል፤ ሰው በከንቱ ተስፋ ወደ ዳኛ እንዳይሄድ ነው። በእውነተኛና በሕጋዊ ምክንያት፥ ለምሳሌ ሠራተኛው ለሥራው ችሎታ በማጣቱ፥ የሚደረግ ስንብት ቅድመ ማስታወቂያ ያስፈልገዋል። የማስታወቂያውም ጊዜ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰና እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ 1 ወር፥ ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ 2 ወር፥ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ላገለገለ 3 ወር ነው። አሠሪው ይህን ጊዜ ብቻ ሳይጠብቅ ቢያሰናብት፥ ጉድለቱ የሚያስከትልበት የማስታወቂያውን ጊዜ ደመወዝ መክፈል ነው እንጂ ስንብቱ በዚህ ብቻ ሕገ ወጥ አይባልም። የደብዳቤ ቁጥር መሳሳት፥ የማኅተም መደብዘዝ፥ የአንቀጽ ቁጥር መዛነፍም ብቻቸውን ከባድ ነገር አይደሉም። ምክንያቱ በሕግ ያልታወቀ ወይም ያልተረጋገጠ ሲሆን፥ ወይም የ30 የሥራ ቀኑ ጊዜ ሲያልፍ፥ ወይም ለመዘግየትና ለመቅረት የተወሰነው መስፈርት ሳይሟላ ሲቀር ግን የስንብቱ መሠረት ራሱ ይናጋል።

መሠረቱ የተናጋ እንደ ሆነ ዳኛው ከሁለቱ አንዱን ሊያዝ ይችላል፤ ወይ ሠራተኛው ወደ ሥራው እንዲመለስ፥ ወይ ካሣ ተከፍሎት እንዲሄድ። ስንብቱ የተደረገው ሠራተኛው የማኅበር አባል በመሆኑ፥ ወይም በአሠሪው ላይ አቤቱታ በማቅረቡ፥ ወይም ሴቲቱ በማርገዟ፥ ወይም በሃይማኖት ወይም በዘር ምክንያት እንደ ሆነ ግን ሕጉ ወደ ሥራ መመለስን ያዛል፤ መመለሱን የማይፈልገው ሠራተኛው ራሱ ካልሆነ በቀር።

ለጠባቂያችን ካሣው ቢፈረድለት ሒሳቡ እንዲህ ይሆናል። የካሣው ገንዘብ የቀን አማካይ ደመወዙ 180 ጊዜ ተባዝቶ 36,000 ብር ነው። በዚያ ላይ የማስታወቂያው ጊዜ የ2 ወር ደመወዝ 12,000 ብር ይጨመራል። የሥራ ስንብት ክፍያው ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ 6,000 ብር ሲሆን፥ ለእያንዳንዱ ተከታይ ዓመት የዚሁ ሢሶ፥ ማለት 2,000 ብር እየተጨመረ፥ በ5 ዓመት 10,000 ብር ይሆናል፤ በጠቅላላው 16,000 ብር ነው። ሁሉም ሲደመር 64,000 ብር ይመጣል። ያልተከፈለው የ15 ቀን ደመወዝና ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ካለ የእርሱ ገንዘብ ከዚህ ውጭ ነው። እንግዲህ አሠሪው 49 የሥራ ቀን በመቈየቱ ምን ያህል እንደሚከፍል አንባቢ ራሱ ይመዝን።

ነገር ግን ይህ ሁሉ መብት ጊዜ አለው። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ፥ የደመወዝና ከስንብት የተነሣ የገንዘብ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ከዘመድ ሽማግሌ ጋር እየተላላኩ፥ ሥራ አስኪያጁን ደጅ እየጠኑ ሦስቱ ወር ያለቀባቸው ብዙዎች ናቸው፤ እርቁ ሳይሆን ሲቀር የመመለሱም መብት አብሮ ይቀራል። ሽምግልናው መልካም ነው፥ ነገር ግን ቀኑን አያቆመውም። በምሳሌያችን ደብዳቤ ሁለት ቀን ተጽፏልና የትኛው መነሻ ይሁን ብሎ ከመከራከር ይልቅ በቀደመው ቀን መቍጠር ይሻላል። ከኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. የተቈጠረ ሦስት ወር የካቲት 20 ቀን ይሞላል፤ ጠባቂው ከዚያ በፊት ክሱን ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ቢያቀርብ ስለ ጊዜ የሚነሣበት ክርክር አይኖርም። ለዚህ ዓይነት ክስ ሠራተኛው የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም።

ወደ ዳኛ ሲሄድ ይዞት የሚቀርበው ወረቀት ብዙ አይደለም። የቅጥር ደብዳቤው፥ የመጨረሻው የደመወዝ ማስረጃ፥ የስንብቱ ደብዳቤ፥ ከዚህ በፊት የተሰጡት ተግሣጾች፥ ምርመራው ያለቀበትን ቀን የሚያሳየው ወረቀትና በድርጅቱ ውስጥ የኅብረት ስምምነት ካለ እርሱ ናቸው። በአሠሪው እጅ ያሉትን ወረቀቶች ግን ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብለት በክሱ ላይ ሊጠይቅ ይችላል። የኅብረት ስምምነቱ ስንብት ከመደረጉ በፊት ነገሩ በዲሲፕሊን ጉባኤ እንዲታይ ያዘዘ እንደ ሆነ፥ ጉባኤው መቀመጡንና አለመቀመጡን መጠየቅ ይገባል።

ስንብት የሚፈርሙ አሠሪዎችም ከዚሁ የሚማሩት አላቸው። የጥፋቱን ዓይነትና ቀን በግልጽ የጻፈ፥ አንዱን እውነተኛ ምክንያት ይዞ ሌላ ያልደረበ፥ ምርመራው በተጠናቀቀ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ የፈረመ፥ ስንብቱንም ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ ያልወሰነ አሠሪ በዳኛ ፊት ሲቀርብ የሚነሣበት ጥያቄ ጥፋቱ እውነት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ብቻ ነው። ሠራተኛውም የተከሰሰበትን አውቆ መልሱን ያዘጋጃል። ደብዳቤው እንዲህ ሆኖ ከተጻፈ ለሁለቱም ወገን ክርክሩ ያጥራል፥ ወጪውም ይቀላል።